መብራት ሲመለስ ወፍጮው ለምን አይነሳም?

ወፍጮ ቤት ውስጥ መብራት ድንገት ይጠፋል። ሞተሩ ይቆማል። ባለወፍጮው ሥራ ከፈታ አይቀር ብሎ የላላውን ቺንጋ ለማስተካከል እጁን ይሰዳል። በመሀል መብራቱ ይመጣል፤ አምፖሉ ይበራል፣ ሬዲዮው ካቆመበት ይቀጥላል፣ ሞተሩ ግን አይነቃነቅም። አረንጓዴው ቁልፍ ካልተጫነ በቀር አይነሳም።

የባለወፍጮውን ጣቶች ያተረፈው በግድግዳው ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ያለ አንድ ቀጭን ሽቦ ነው። ሳጥኑ ባለሙያዎች «ዳይሬክት ኦን ላይን» የሚሉት የሞተር ማስነሻ ነው። ሞተሩን በሙሉ ቮልቴጅ፣ በአንድ ጊዜ ከመስመሩ ጋር ስለሚያገናኘው ነው ስሙን ያገኘው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ሲነሳ ይታያል። ሞተሩ በሥራ ላይ ከሚወስደው ስድስትና ሰባት እጥፍ ኤሌክትሪክ ለጥቂት ሰከንዶች ይስባል። በዚህ ምክንያት ለትንንሽ ሞተሮች ይመረጣል፤ ከፍ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ በስታር ዴልታ ይነሳሉ።

5.5 ኪሎዋት ጉልበት ያለው፣ በ380 ቮልት የሚሠራ የበርበሬ መፍጫ ሞተር እንውሰድ። በጎኑ ላይ በተለጠፈው ብረት 11.5 አምፔር ተጽፎበታል እንበል። ቀጥሎ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ ኮንታክተሩ። ይህ በውስጡ ባለው ጥቅልል ሽቦ፣ ማለትም በኮይሉ፣ ወደ ማግኔትነት ተለውጦ ሦስቱን ፌዞች በአንድ ጊዜ የሚያገናኝ ትልቅ ማብሪያ ነው። ሲገዛ አንድ ወጥመድ አለበት። ብዙውን ጊዜ ሁለት የአምፔር ቁጥሮች ይታተሙበታል፤ ለምሳሌ 25 እና 12። ትልቁ ቁጥር ኤሲ 1 ከሚል ጽሑፍ አጠገብ ያለው ሲሆን፣ ለምድጃና ለማሞቂያ ዓይነት ጭነት ነው። ለሞተር የሚሠራው ኤሲ 3 ከሚለው አጠገብ ያለው 12 ነው። 25 የሚለውን ብቻ አይቶ ሃያ አምፔር የሚስብ ሞተር የሚያስርበት ሰው፣ ብዙ ሳይቆይ የኮንታክተሩ መገናኛዎች ተቃጥለው ሲጣበቁ ያያል። የተጣበቀ ኮንታክተር ደግሞ ቀዩን ቁልፍ ቢጫኑትም አይለቅም።

ዋናው መስመር ብዙ አያስቸግርም። ሦስቱ ፌዞች ከብሬከሩ ወጥተው ከኮንታክተሩ ራስ ይገባሉ፤ ከግርጌው ወደ ኦቨርሎዱ፣ ከኦቨርሎዱ ወደ ሞተሩ ይወርዳሉ። የምድር ሽቦው የሞተሩን አካልና የብረት ሳጥኑን ይይዛል። ሞተሩ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ መብራቱን አጥፍቶ ከሦስቱ ሁለቱን ፌዞች ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል።

ቁም ነገሩ ያለው በሁለተኛው፣ በቀጭኑ መስመር ላይ ነው። ኮይሉ 220 ቮልት ከሆነ ከአንዱ ፌዝ በትንሽ ፊውዝ በኩል አንድ ሽቦ ይወጣና መጀመሪያ ኦቨርሎዱ ላይ 95 ተብሎ ወደተጻፈበት ብሎን ይሄዳል። በ96 ወጥቶ ወደ ቀዩ ቁልፍ ይገባል። ቀዩ ቁልፍ ሳይጫኑት የተገናኘ፣ ሲጫኑት የሚለያይ ነው። ከእሱ የሚወጣው ሽቦ ወደ አረንጓዴው ይሄዳል፤ አረንጓዴው ደግሞ በተቃራኒው ሲጫኑት ብቻ ያገናኛል። ከአረንጓዴው በኋላ የኮይሉ አንደኛ ጫፍ ኤ1 አለ፤ ሁለተኛው ጫፍ ኤ2 ከኒውትራል ጋር ይታሰራል።

እስከዚህ ብቻ ቢታሰር ሞተሩ ጣት ከአረንጓዴው ላይ እስካልተነሳ ድረስ ይዞራል፤ ሲለቁት ይቆማል። የቀረው በኮንታክተሩ ጎን ያለው፣ 13 እና 14 የተጻፈበት ትንሽ ረዳት መገናኛ ነው። 13 በቀዩና በአረንጓዴው መካከል ካለው ሽቦ ጋር፣ 14 ከኤ1 ጋር ይታሰራል። ኮንታክተሩ ሲሳብ ይህም መገናኛ አብሮ ይዘጋና ኤሌክትሪኩ በአረንጓዴው ጎን አልፎ ኮይሉን ይዞ ይቆያል። ጣት ቢነሳም ኮንታክተሩ ራሱን ይዟል። መብራት ሲጠፋ ይለቃል፤ ሲለቅ 13 እና 14 ይለያያሉ፤ መብራቱ ተመልሶ ቢመጣ መንገዱ ተቆርጦ ይጠብቀዋል።

ስህተቱም እዚሁ ነው የሚሠራው። ወደ 13 የሚሄደው ሽቦ ከቀዩ ቁልፍ በኋላ ሳይሆን በፊት ከተወሰደ ሞተሩ በደንብ ይነሳል፣ በደንብም ይሠራል፤ ቀዩን ቢጫኑት ግን አይቆምም። ችግሩ የሚታወቀው ማቆም በተፈለገ ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው የሚያስፈራው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ብሬከሩን ሳያነሳ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ 95 ላይ፣ ሌላውን ኤ2 ላይ ያሳርፋል። ምንም ሳይነካ መለኪያው ክፍት ማሳየት አለበት። አረንጓዴውን ሲጫን የኮይሉ መጠን፣ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ኦም፣ ይነበባል። የኮንታክተሩን ፊት በካቻቪቴ ገፋ ሲያደርግም ያው ቁጥር መምጣት አለበት፤ ካልመጣ 13 እና 14 አልታሰሩም። ኮንታክተሩን እንደገፋ ቀዩን ሲጫን ቁጥሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሽቦው የተሳሳተ ቦታ ገብቷል። ከዚያ በኋላም ቢሆን መጀመሪያ ሞተሩን ሳያገናኝ ኮንታክተሩን ብቻ አስነስቶ አቁሞ ያየዋል።

ስለ ኦቨርሎዱ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኦቨርሎዱ ሞተሩን ራሱ አያቋርጥም። ሦስቱ ፌዞች በውስጡ ያለፉት ብረቶቹን እንዲያሞቁ ነው፤ ጭነት ሲበዛ ብረቶቹ ይታጠፉና 95 እና 96ን ይለያያሉ፣ ኮይሉ ኤሌክትሪክ ያጣል፣ ሞተሩን የሚያቆመው ኮንታክተሩ ነው። ቀጭኑ መስመር በ95 እና 96 ካላለፈ ኦቨርሎዱ ቢዘልም ሞተሩ እየዞረ ይቃጠላል። ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ የሚመጣውን ሾርት ደግሞ ኦቨርሎዱ አይደርስበትም፤ እሱ የብሬከሩ ወይም የፊውዙ ሥራ ነው።

የኦቨርሎዱ መዘውር በሞተሩ ላይ በተጻፈው 11.5 ላይ ይስተካከላል። በተደጋጋሚ ሲዘል ወደ 13 ማዞር የተለመደ መፍትሔ ነው፤ በጣም መጥፎው መፍትሔም እሱ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የደነዘዘ ወፍጮ፣ የደረቀ ኩሽኔታ ወይም አንድ ፌዝ መጥፋት ነው። በሥራ ላይ እያለ አንድ ፌዝ ቢቋረጥ ሞተሩ በቀሩት ሁለቱ መዞሩን ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ሙሉ ጭነት ካለበት እነዚህ ሁለቱ ከወትሮው 1.7 እጥፍ ያህል፣ በዚህ ሞተር ወደ 20 አምፔር፣ ይሸከማሉ። ድምፁ ይወፍራል፣ ሰውነቱ ይግላል። ከቆመ በኋላ ደግሞ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም።

ከዘለለ በኋላ ብረቶቹ እስኪቀዘቅዙ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሪሴት ይደረጋል። አንዳንዱ ኦቨርሎድ ራሱን እንዲመልስ ሊስተካከል ይችላል፤ በሁለት ቁልፍ በሚሠራ ማስነሻ ላይ ይህ ሞተሩን በራሱ አያስነሳውም፣ ምክንያቱም 13 እና 14 ተለያይተዋል። በውኃ ጋን ተንሳፋፊ ለሚነሳ ፓምፕ ግን እንዲህ አይደለም። ተንሳፋፊው ዝግ ሆኖ ይቆያል፣ ኦቨርሎዱ በቀዘቀዘ ቁጥር ፓምፑ እንደገና ይነሳል፣ ይዘላል፣ ይነሳል፣ ጥቅልሉ እስኪቃጠል ድረስ። እንዲህ ላለ ፓምፕ ኦቨርሎዱ በእጅ በሚመለስበት ላይ ይቀመጣል።