ዶሮዋ መንገድ ስትሻገር ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ሱፐር ማሪዮ ራን» የተባለ ጌም ለአይፎን አወጣ። ማውረዱ ነጻ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደረጃዎች ማንም ሰው ሳይከፍል ይጫወታል፤ ከዚያ በኋላ ግን 9.99 ዶላር ይጠየቃል። አንዴ የከፈለ ሰው የቀረው ሁሉ ይከፈትለታል፤ ሁለተኛ ክፍያ የለበትም፣ ማስታወቂያም አያይም። ለእኔ ይህ ከሁሉም የበለጠ ሐቀኛ ግብይት ነው። ብዙ ተጫዋቾች ግን ተቆጡ። ነጻ ነው ብለው ያወረዱት ሰዎች መሃል ላይ አሥር ዶላር ሲጠየቁ ቅሬታቸውን በአንድ ኮከብ ገለጹ፤ የኩባንያው የአክሲዮን ዋጋም ወረደ።

ኒንቴንዶ ራሱ በጥር መጨረሻ የሰጠው መግለጫ እንደሚለው ጌሙ 78 ሚሊዮን ጊዜ ወርዷል፤ የከፈሉት ከመቶ ከአምስት ትንሽ ይበልጣሉ፤ የተገኘው ገቢ ከ6 ቢሊዮን የን በላይ ማለትም ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በዓመቱ መገባደጃ ያወረዱት ሰዎች 200 ሚሊዮን ሲደርሱ ግን ኩባንያው ትርፉ የሚጠበቀው ደረጃ ላይ እንዳልደረሰ ተናገረ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ቡድን ዶሮ መንገድ የምታሻግርበት «ክሮሲ ሮድ» የሚባል ጌም አወጣ። ማት ሆልና አንዲ ሰም የተባሉት ሠሪዎቹ በቀጣዩ ዓመት በሳን ፍራንሲስኮው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ሒሳባቸውን በይፋ አቀረቡ፦ በ90 ቀናት ውስጥ 50 ሚሊዮን ተጫዋች፣ 10 ሚሊዮን ዶላር። በአንድ ሰው ሲካፈል 20 ሴንት ይመጣል። ማሪዮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእያንዳንዱ ሰው ከ60 ሴንት በላይ አግኝቶ ነበር። ታዲያ ለምንድን ነው ከማሪዮ ይልቅ የዶሮዋ መንገድ በሌሎች ጌም ሠሪዎች ዘንድ ይበልጥ የተቀዳው?

አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ማሪዮ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዓለም የታወቀ ስም ነው፤ አሥር ዶላር ሲጠይቅ ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ስም የሌለው ጌም ያንን ዋጋ ቢጠይቅ ከመቶ አምስት ይቅርና አንድ ሰው ማግኘትም ይቸግረዋል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የበለጠ ይጠቅመናል፤ እሱን ለማየት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል።

በየቀኑ 10,000 ሰው የሚጫወተው ትንሽ ጌም አለ እንበል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው። በየሙከራው መሃል ሙሉ ስክሪኑን የሚሸፍን ማስታወቂያ ይመጣል፤ አንድ ሰው በቀን አራት ያያል። በድምሩ 40,000 እይታ ነው። አስተዋዋቂዎች የሚከፍሉት በሺህ እይታ ስለሆነ፣ በሺህ 2 ዶላር ቢሆን በቀን 80 ዶላር ይገባል። ከእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሴንት እንኳ አይሞላም፤ 0.8 ሴንት ብቻ ነው።

አሁን ማስታወቂያውን እናውጣና ሙሉውን ጌም በ3 ዶላር እንሽጠው። እዚህ ላይ ዋናው ቁጥር 10,000ው አይደለም፤ ዛሬ አዲስ የመጡት ሰዎች ብዛት ነው። የድሮዎቹ ወይ ገዝተዋል፣ ወይ ላለመግዛት ወስነዋል። ዛሬ 300 አዲስ ሰው ቢመጣና ከመቶ ሁለቱ ቢገዙ፣ ስድስት ሽያጭ ማለትም 18 ዶላር ነው። አፕልና ጉግል ለትናንሽ ሠሪዎች 15 በመቶ ይወስዳሉ፤ 15.30 ይቀራል። በሚቀጥለው ወር አዲስ የሚመጡት ወደ 100 ቢወርዱ ገቢው ወደ 5 ዶላር ይወርዳል፤ አሥሩ ሺህ ሰዎች በየቀኑ እየተጫወቱ ቢሆንም እንኳ።

የአንድ ጊዜ ሽያጭ የሚኖረው ከሚመጡት፣ ማስታወቂያ የሚኖረው ደግሞ ከሚቆዩት ነው። ነጻ ጌም የሚያወጣ ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ጌሙ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያበዛ ነው። መጨረሻ ያለው፣ አንዴ ታሪኩ ሲያልቅ የሚዘጋ ጌም ሰውን ለወራት ስለማያቆይ የማስታወቂያ ገቢው ቀጭን ነው፤ ለእሱ ሽያጭ ይሻላል። ዶሮ እንደማሻገር ያለው ማብቂያ የሌለው ጌም ደግሞ ለማስታወቂያ የተመቸ ነው። የቬትናሙ ዶንግ ንጉየን ብቻውን የሠራው «ፍላፒ በርድ» በ2014 መጀመሪያ ላይ ከማስታወቂያ ብቻ በቀን 50,000 ዶላር ያገኝ እንደነበር ተዘግቧል፤ ያ ሊሆን የቻለው ሰዎች በቀን ደጋግመው ይከፍቱት ስለነበር ነው።

ማስታወቂያ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። በቀን አራት የነበረውን ስምንት ብናደርገው በማግስቱ ገቢው እጥፍ ይሆናል፤ ሠሪውም ይደሰታል። ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በአራት ማስታወቂያ አንድ ሰው በአማካይ ለ10 ቀን ይጫወት ከነበረ፣ በጠቅላላው 8 ሴንት ትቶ ይሄዳል። በስምንት ማስታወቂያ ተሰላችቶ በ4 ቀን ቢሄድ ግን የሚተወው 6.4 ሴንት ነው። የዕለቱ ገቢ ጨምሮ የሰውየው ጠቅላላ ገቢ ቀንሷል። ይህንን በጊዜ ለማወቅ አዲስ ተጫዋቾችን በሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ አራት፣ ለግማሾቹ ስምንት ማሳየት፣ ከዚያም ከሁለቱ ወገን በሰባተኛው ቀን ስንት ሰው እንደተመለሰ መቁጠር ይበቃል። የገቢ ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሠሪ ሰዎቹ ማለቃቸውን የሚረዳው ካለቁ በኋላ ነው።

ክሮሲ ሮድ ከዚህ ወጥመድ የወጣበት መንገድ ማስታወቂያውን በተጫዋቹ ፈቃድ ላይ ማድረጉ ነው። ዶሮዋ በመኪና ስትዳጥ አንድ ቁልፍ ብቅ ይላል፦ ቪዲዮ ካየህ የጌሙን ሳንቲሞች ታገኛለህ። ያልፈለገ አልፎ መጫወቱን ይቀጥላል። 100 ሳንቲም የሞላው ሰው የሽልማት ማሽኗን ያዞርና አዲስ ገጸ ባሕርይ ይደርሰዋል። ጥያቄው የመጣው ጨዋታው በራሱ ቆሞ እያለ ነው፤ የተቋረጠ ነገር የለም።

አስተዋዋቂዎችም ለእንዲህ ያለው ቪዲዮ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ሰውየው እስከ መጨረሻው ስለሚያየው። ወደ ስሌታችን እንመለስና፣ ከአሥሩ ሺህ ሰዎች ሦስት አሥረኛው ብቻ ሁለት ሁለት ቪዲዮ ቢያዩ 6,000 እይታ ነው። በሺህ 10 ዶላር ቢከፈል 60 ዶላር ይመጣል። ከ80ው ብዙም አልራቀም፤ ሰባቱ ሺህ ሰዎች ግን አንድም ማስታወቂያ አላዩም። በዚህ ላይ ማስታወቂያ ማስወገጃ በ2 ዶላር መሸጥ ይቻላል። «አመንግ አስ» በስልክ ላይ የሠራው እንዲሁ ነው፤ ማስታወቂያ ያለው ነጻ ጌም ሆኖ ማስወገጃውን ለብቻው ሸጠ። ከ2 ዶላሩ ለሠሪው 1.70 ይደርሰዋል፤ በቀን 0.8 ሴንት ከሚያስገባ ሰው ያንን ለማግኘት ከ200 ቀን በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ማስወገጃውን በርካሽ መሸጥ ኪሳራ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ጌጥ መሸጥ ነው፦ ቆብ፣ ልብስ፣ አዲስ ገጸ ባሕርይ። አቅም አይጨምርም፤ የከፈለ ያልከፈለውን በገንዘቡ አያሸንፍም። እኔ ይህንን የምደግፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን በሁሉም ጌም አይሠራም። ጌጥ የሚገዛው ሌላ ሰው ሲያየው ነው። አመንግ አስ ውስጥ ቆቡን በአንድ ክፍል ያሉት ተጫዋቾች ሁሉ ያዩታል። ብቻ የሚጫወቱት ጌም ላይ ግን ቆቡን የሚያይ የለም። ክሮሲ ሮድ ብቻ የሚጫወቱት ሆኖ ሳለ የተሳካለት፣ አንዳንዶቹ ገጸ ባሕርያት የመንገዱን መልክና ድምፅ ጭምር ስለሚቀይሩ ነው፤ አዲሱን ሲያገኙ ጌሙ ራሱ አዲስ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ገጸ ባሕርያቱ ከትናንሽ ኩቦች የተገነቡ በመሆናቸው አንዱን ለመሥራት ብዙ ድካም አይጠይቅም። ዝርዝር ሥዕል የሚፈልግ ጌም በየወሩ አዲስ ጌጥ ለማውጣት ሠዓሊ መቅጠር ሊኖርበት ነው፤ የሠዓሊው ደመወዝ ከጌጡ ገቢ ሊበልጥ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የሽልማት ማሽን በጨዋታ በተገኘ ሳንቲም ሲዞር መዝናኛ ነው፤ በእውነተኛ ገንዘብ ሲዞር ቁማር ይሆናል። ቤልጂየም በ2018 በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሳጥኖችን ሕገ ወጥ ቁማር ብላለች። ተጫዋቾቹ ልጆች ከሆኑ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፦ በዚያው በ2014 አፕል ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በጌም ውስጥ ለገዙት ዕቃ ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምቷል። በገንዘብ የሚሸጥ ጌጥ ምን እንደሆነ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ማየት አለበት።

አዲስ አበባ ውስጥ ጌም ለሚሠራ ወጣት ሚዛኑ ትንሽ ይለያል። እዚህ ያሉት አብዛኞቹ ተጫዋቾች በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የላቸውም፤ ስለዚህ ሽያጩም ጌጡም ለእነሱ የተዘጋ በር ነው። የሚቀረው ማስታወቂያ ነው። የአንድ ማስታወቂያ ዋጋ ግን በተመልካቹ አገር ይወሰናል፤ አሜሪካ ላለ ሰው የሚከፈለው ኢትዮጵያ ላለው ከሚከፈለው ብዙ እጥፍ ነው። ቪዲዮው ደግሞ የሚወርደው ተጫዋቹ በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ሲያይ ከራሱ ኪስ እየከፈለ ነው ማለት ነው፤ ሽልማቱ ይህንን የሚያካክስ ካልሆነ ሁለተኛ አይነካውም።

ይኸው ጌም ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሐበሻ ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ካርዱ አለ፣ የማስታወቂያው ዋጋ ከፍ ይላል፣ ጋቢ የለበሰች ዶሮም በአንድ ዶላር ልትገዛ ትችላለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ማውጣት ያለበት በፈቃድ የሚታየውን ቪዲዮና የማስታወቂያ ማስወገጃውን ብቻ ይመስለኛል። ማስወገጃውን የገዛ ሰው ስልክ ሲቀይር ድጋሚ እንዳይከፍል «Restore Purchases» የሚለው ቁልፍ ከጅምሩ መኖር አለበት። የጌጥ ሱቁ ተጫዋቾቹ በሠላሳኛው ቀን እየተመለሱ መሆናቸው ከታየ በኋላ ይከፈት፤ በሠላሳኛው ቀን የሚመለስ ሰው ከሌለ ጋቢውን የሚገዛ የለም፣ መጠገን ያለበትም ሱቁ ሳይሆን ጨዋታው ነው።