የጥቅምትን ወጪ በኤክሴል መደመር

አንዲት የካፌ ባለቤት ወጪዋን በኤክሴል ትመዘግባለች እንበል። A ዓምድ ላይ ቀኑ፣ B ላይ የወጪው ዓይነት፣ C ላይ የተከፈለበት መንገድ፣ D ላይ የብሩ መጠን አለ። አሁን ማወቅ የምትፈልገው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለጽዳት በቴሌብር የከፈለችውን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አጣርቶ በአንድ ጊዜ የሚደምርላት SUMIFS ነው።

ከፎርሙላው በፊት ግን ቀኑ መስተካከል አለበት። ኤክሴል ቀን የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላ ብትጽፈው፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ያ ረድፍ ከድምሩ ይቀራል፤ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። ስለዚህ A ላይ የፈረንጁ ቀን ይጻፍ፤ የእኛው ካስፈለገ ሌላ ዓምድ ይሰጠው። ጥቅምት 2017 ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 2024 ነው። መጀመሪያውን F1፣ መጨረሻውን F2፣ «ጽዳት»ን F3፣ «ቴሌብር»ን F4 ላይ ትጽፍና እንዲህ ትላለች፦

```
=SUMIFS(D2:D500,B2:B500,F3,C2:C500,F4,A2:A500,">="&F1,A2:A500,"<"&F2+1)
```

መጀመሪያ የሚገባው የሚደመረው ዓምድ ነው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ዓምድ ከነመስፈርቱ ይከተላል። ሁሉንም መስፈርት ያላሟላ ረድፍ አይደመርም። የቀኑ ዓምድ ሁለቴ የገባው መነሻና መድረሻ ስላለው ነው። የ«&» ምልክት ምልክቱን ከሴሉ ቀን ጋር ያያይዛል፤ ">=F1" ተብሎ ሁሉም በጥቅስ ውስጥ ከገባ ግን ኤክሴል ቀኑን ትቶ «F1» የሚለውን ጽሑፍ ስለሚያነጻጽር መልሱ 0 ይሆናል።

ለጽዳት የተከፈለው ኦክቶበር 12 ቀን 450 ብር በቴሌብር፣ ኦክቶበር 20 ቀን 300 ብር በጥሬ ገንዘብ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 600 ብር በቴሌብር፣ ኖቬምበር 9 ከቀኑ 8 ሰዓት 250 ብር በቴሌብር፣ ኖቬምበር 10 ቀን 500 ብር በቴሌብር ቢሆን ድምሩ 1,300 ብር ይመጣል። ጥሬ ገንዘቡና የኖቬምበር 10ሩ ይቀራሉ። በ"<"&F2+1 ፋንታ "<="&F2 ብትጽፍ ግን 1,050 ይሆንባት ነበር። ኤክሴል ሰዓት ያልተጻፈበትን ቀን ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምረው፣ ከሰዓት በኋላ የተከፈለው 250 ብር ከመጨረሻው ቀን ያለፈ ይመስለዋል።

የፊደል ነገርም አለ፤ ለኤክሴል «ጽዳት» እና «ፅዳት» የተለያዩ ናቸው። የወጪ ዓይነቶቹ በየጊዜው ከሚተየቡ ከተዘጋጀ ዝርዝር ቢመረጡ ይሻላል።

ጽሑፍ ሆኖ የቀረ ቀን መኖሩን ለማወቅ ይህ ይበቃል፦

```
=COUNTA(A2:A500)-COUNT(A2:A500)
```

የመጀመሪያው የተሞሉትን ሴሎች ሁሉ፣ ሁለተኛው ቁጥር የሆኑትን ብቻ ይቆጥራል። መልሱ 0 ካልሆነ ያን ያህል ረድፍ ከድምሩ ውጭ ሆኗል።