የተሰረዘው ቃል

(ድምፅ፦ የደብተር ገጽ ቀስ ብሎ ሲገለበጥ። ከሩቅ የትምህርት ቤት ደወል።)

ተራኪ፦ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የላክነው በጥቅምት ወር ነው። የተላከው ደብረ ማርቆስ ለሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ነበር። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይንስ ያስተማሩ፣ እኔንም አምስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ናቸው። የትምህርት ማስታወሻቸውን በእጃቸው የጻፉባቸው ደብተሮች ዛሬም ቤታቸው እንዳሉ ሰምተን፣ በስካነር አንሥተን ጽሑፉን በኮምፒውተር ለመገልበጥ ፈለግን። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ነው፤ ማኅተም አለው። መልስ ግን አልመጣም።

በኅዳር ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ፤ ስለ ደብተሩ ሳይነሣ ሁለተኛው ሲኒ አለቀ። በመጨረሻ ደብዳቤያችንን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አወጡና አንድ ቃል በጣታቸው አሳዩኝ።

መምህርት፦ «እንዲያስረክቡን» ይላል፣ ልጄ። እኔ ጡረታ ስወጣ ያለብኝን ሁሉ አስረክቤያለሁ። ጠመኔ ማጥፊያው ሳይቀር ተቆጥሮ፣ ፈርሜ ነው የወጣሁት። ይህ የራሴ ነው።

ተራኪ፦ ማስረከብ ለመምህር የንብረት ክፍል ቃል ነው። ሌላም ነገር ነበረ። የዝግጅት ደብተር አምጪ ሲባል የሚሰማው የተቆጣጣሪ ድምፅ ነው፤ ዕቅዱ ተጽፏል ወይ፣ ርእሰ መምህሩ ፈርሞበታል ወይ፣ ስሕተት አለው ወይ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲታይ የኖረ ደብተር፣ ከጡረታ በኋላም ሊታይ ተጠየቀ። እኛ ልንዋስ ፈልገን ሳለ፣ ልንመረምር የመጣን መስለን ነበር። ስሕተቱ የእኛ ነው።

(ድምፅ፦ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ።)

ሁለተኛውን ደብዳቤ እኔው በእጄ ጻፍኩት።

የደብዳቤው አንባቢ፦ ለተከበሩ መምህርታችን። ጤና ይስጥልኝ። ከደብተሮችዎ መካከል ሦስቱን ብቻ፣ እርስዎ የመረጧቸውን፣ ለዐሥር ቀን እንዲያውሱን እጠይቃለሁ። መጥቼ የምወስዳቸው፣ መልሼም የማመጣቸው እኔ ራሴ ነኝ። ስንወስድ የእያንዳንዱን ደብተር ገጽ አብረን እንቆጥራለን፤ በመሐሉ ያለ ልቅ ወረቀትም ይቆጠራል፤ ሁለታችንም የምንፈርምበት ወረቀት እርስዎ ዘንድ ይቀራል። የስፌት ሽቦውን አንፈታም፤ ገጽ አንቀድም፤ ቁጥር እንኳ አንጽፍበትም። የተማሪ ስምና ውጤት ያለበት ገጽ ካለ ለማንም አይታይም። ገልብጠን ስንጨርስ ቅጂው መጀመሪያ ለእርስዎ ይደርሳል። ማንሣት አንድ ፈቃድ ነው፤ ለሰው ማሳየት ሌላ ፈቃድ ነው፤ ዛሬ የምጠይቅዎ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስሕተት ብለው የሰረዙትንም እንዳለ እንፈልገዋለን፤ አናርመውም።

ተራኪ፦ በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። «ሦስት አዘጋጅቻለሁ» አሉ።

ስለ ሁለቱ ፈቃዶች የተጻፈው ለትሕትና ብቻ አይደለም። በሀገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ ደብተር መዋስ ደግሞ በውስጡ ያለውን ለማሳተም መብት አይሰጥም። አዋሹ ይህን አስቀድሞ ከጠያቂው መስማት አለበት እላለሁ።

(ድምፅ፦ የስካነር ክዳን ሲከፈት፣ የመብራቱ ጉዞ።)

ደብተሮቹ ቀጫጭን ናቸው። ወረቀቱ ስስ በመሆኑ በአንዱ ገጽ የተጻፈው በሌላው ያሳያል፤ ሽቦዎቹ ዝገው ዙሪያቸው ቡናማ ሆኗል። መጀመሪያ ያነሣነው ገጽ አልረባም። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ጥላ ሆኖ ወጥቶ፣ ሁለት ትምህርት ተደራርቦ ይነበብ ነበር። መላው ቀላል ነው፤ ከገጹ ኋላ ጥቁር ወረቀት ሲገባ የጀርባው ቀለም ይጠፋል። ሁለተኛው ጥፋታችን ፋይሉ እንዲያንስ ብለን በጥቁርና ነጭ ማንሣታችን ነው። መምህርት በሰማያዊ ጽፈው ከዓመታት በኋላ በቀይ ይመለሱበታል። በጥቁርና ነጭ ሁለቱ እስክሪብቶዎች አንድ ሆኑ፤ የትኛው ቀድሞ እንደተጻፈ የሚለይበት መንገድ ጠፋ። እንደገና በሙሉ ቀለም፣ በኢንች 400 ነጥብ አነሣነው። ክዳኑንም አልተጫንነውም፤ የዛገ ሽቦ ሲጫኑት ወረቀቱን ይቆርጣል።

ወደ ግልበጣው እንምጣ። በሦስተኛው ደብተር ገጽ 31 ላይ፣ በስክሪን ስሙ `D03_P031.tif`፣ የ1975 ዓ.ም. የአምስተኛ ክፍል ትምህርት አለ፤ ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚያገኝ። የዚህን ገጽ ርእስ ለመገልበጥ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል።

እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ሰው ለየብቻ ይገለብጣል፤ ከዚያ ሁለቱ ጽሑፎች ይተያያሉ። በዚህ ገጽ ላይ ርእሱ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። የመጀመሪያው ተሰርዟል። ከሥሩ በሰማያዊ «ምግብ መሥራት» ይላል። ከጎኑ በቀይ «ብርሃን አስተፃምሮ» ይላል፤ ዛሬ ልጆች የሚማሩት ቃል ነው።

የመጀመሪያዋ ገልባጭ «አስተጻምሮ» ብላ በጸሎቱ ጸ ጻፈች፤ ሁለተኛው በፀሐዩ ፀ። ደብተሩ ፀሐዩን ፀ ይላል። ልጅቷ ሳታስበው ነው ያረመችው፤ እጅዋ የለመደውን ጻፈ። በአማርኛ ግልበጣ ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ ገልባጭ በጆሮው ሰምቶ ይጽፋል። እኛ በዓይን እንጂ በጆሮ አንገለብጥም ብለን ደንብ አወጣን፤ መምህርት በአንድ ገጽ ላይ አንዱን ቃል በሁለት ፊደል ቢጽፉት እንኳ ሁለቱም እንዳሉ ይቀራሉ።

የተሰረዘው ግን አስቸገረ። አንዷ «መብሰል» ብላ አነበበች፤ ሌላው «ማብሰል»። በመ እና በማ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት እግር ርዝመት ነው፤ የስረዛው መስመር ደግሞ የሄደው በዚያችው እግር ላይ ነው። ምስሉን አጎላነው፤ አልተለየም። መብሰል ከሆነ ቅጠሉ ይበስላል፤ ማብሰል ከሆነ ቅጠሉ ያበስላል። በሳይንስ እነዚህ ሁለቱ የተራራቁ ናቸው። ሳናውቅ መምረጥ አልፈለግንም፤ በቅጂው ላይ ሁለቱንም ጽፈን የጥያቄ ምልክት አኖርንበት።

(ድምፅ፦ የበር ማንኳኳት። «ቤቶች!» «ግቡ!»)

በዘጠነኛው ቀን መለስን። ገጾቹን አብረን ቆጠርን፤ ልቅ ወረቀቶቹም ሞልተዋል። ቅጂውን ሰጥቼ ጥያቄ ምልክቷን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ደብተሩን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

መምህርት፦ ማብሰል ነው። ልጆቹ ወጥ ቤት ያውቃሉ፤ ቅጠሉ የተክሉ ወጥ ቤት ነው አልኳቸው። አንዱ ከኋላ ተነሣና፣ «ቲቸር፣ በእሳት ከሆነ ቅጠሉ ለምን አይጠወልግም?» አለኝ። ለካ ፀሐይን እንደ እሳት ነው ያሰቡት፤ እኔ ግን ብርሃኑን ነበር ማለቴ። ማታ ቤት ገብቼ ሰረዝኩት።

ተራኪ፦ የጥያቄ ምልክቷን አጥፍቼ «ማብሰል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑም ያነበቡት ራሳቸው መሆናቸውንና ቀኑን አኖርኩ። መምህርት ሦስቱን ደብተሮች ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በእጃቸው ሌሎች አምስት ነበሩ።

መምህርት፦ ቁጠር እንግዲህ። ከላይኛው ጀምር።

(ድምፅ፦ ገጽ ሲገለበጥ። «አንድ… ሁለት… ሦስት…» ቆጠራው እየራቀ ይሄዳል።)