ስኬተሯ እጇን ስትሰበስብ ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ኦሊቪያ ሪቢትስካ ኦሊቨር የተባለች ታዳጊ ስኬተር ዋርሶ ውስጥ በረዶ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ በደቂቃ 342 ዙር በሚደርስ ፍጥነት ተሽከረከረች። ጊነስም ክብረ ወሰን ብሎ መዘገበላት። በሰከንድ ስድስት ዙር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፍጥነት ነው፤ ተመልካች ፊቷን ከጀርባዋ መለየት ያቅተዋል።

ይህን ያህል ፍጥነት በአንድ ግፊት አይገኝም። ስኬተሯ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ በጠመዝማዛ መስመር ትገባለች፤ ሁለት እጆቿንና አንድ እግሯን ዘርግታ እየወዘወዘች በጫማዋ ስለት በረዶውን ትገፋለች። ከውጭ የምታገኘው የማሽከርከር ግፊት በሙሉ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚያ ቀና ትላለች፣ እግሯን ትሰበስባለች፣ እጆቿን ደረቷ ላይ ታጥፋለች። ማንም ሳይነካት ፍጥነቷ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

የፊዚክስ መምህራን ነገሩን የሚያስረዱት አንጉላር ሞመንተም በሚባለው መጠን ነው። ይህ መጠን የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፦ የሽክርክሪቱ ፍጥነትና የሰውነቷ ክብደት ከመሽከርከሪያው መሀል ምን ያህል ርቆ እንደተዘረጋ። ከውጭ የሚያጣምማት ኃይል እስከሌለ ድረስ ብዜቱ አይለወጥም። ስለዚህ አንዱ በሦስት እጅ ሲቀንስ ሌላው በሦስት እጅ ያድጋል። በረዶው ጨርሶ አይጎትታትም ማለት ግን አይደለም። ስለቱ በረዶውን የሚነካው ከመሽከርከሪያው መሀል ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ርቆ ስለሆነ፣ ፍትጊያው የማጣመም አቅም ያጥረዋል እንጂ። ስዊዘርላንዳዊቷ ሉሲንዳ ሩህ እ.ኤ.አ. በ2003 ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ እግር ሳታቋርጥ 115 ዙር የዞረችውም ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ተማሪ ያውቀዋል። የሚያደናግረው የጉልበቱ ሒሳብ ነው።

ለምሳሌ 60 ኪሎ የምትመዝን ስኬተር እጅና እግሯን ዘርግታ በሰከንድ አንድ ዙር ተኩል ትዞራለች እንበል። ስትሰበሰብ አራት ዙር ተኩል ትደርሳለች። ለእንዲህ ያለ ሰውነት የሚሆን ግምታዊ መጠን ይዘን ብናሰላ፣ የሽክርክሪቷ ካይኔቲክ ኢነርጂ በመጀመሪያ 133 ጁል ገደማ ነበር፤ በመጨረሻ 400 ይሆናል። ምክንያቱም ካይኔቲክ ኢነርጂ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። የሰውነቷ ስርጭት በሦስት እጅ ቢቀንስም የፍጥነቱ ካሬ በዘጠኝ እጅ ያድጋል። ሞመንተሙ ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን ሦስት እጥፍ ሆኗል።

የተረፈው 267 ጁል የመጣው ከጡንቻዋ ነው። የአንድ ክንዷ ክብደት 3 ኪሎ ያህል ቢሆንና መካከሉ ከመሽከርከሪያው 45 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ ገና በዝግታ ስትዞር ክንዱን ክብ መስመሩ ላይ ለማቆየት ወደ 12 ኪሎ ዕቃ የመሸከም ያህል መሳብ አለባት። ክንዱ 20 ሴንቲሜትር ድረስ ሲቀርብ ደግሞ፣ ፍጥነቱ ስለጨመረ፣ ሸክሙ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። ለእያንዳንዱ ክንድ! ደረት ላይ እጅ ማጠፍ ከሩቅ ሲያዩት ውበት ይመስላል፤ ለሠሪዋ ግን ከባድ ሥራ ነው።

በዚህ ስበት ክንዱ ወደ ውስጥ እየተጠመዘዘ ይገባል። ቀጥታ ወደ መሀል የሚስበው ኃይል በዚህ ጥምዝ መንገድ ላይ ክንዱን በከፊል ወደፊትም ይጎትተዋል። ክንዱ ከደረቷ ሊቀድም ሲል በትከሻዋ በኩል መላ ሰውነቷን ይዞ ያዞራል። ጡንቻ ደግሞ ከሚበላው ኃይል ሩቡን ያህል ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ፣ ወጪው በጠቅላላ አንድ ሺህ ጁል ያህል ነው። ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ከሃምሳ ጊዜ በላይ ያሠራታል።

የሚጠራጠር ሰው በቪዲዮ ሊያረጋግጥ ይችላል። በሰከንድ 30 ምስል በሚቀርጽ ስልክ ከተቀረጸ፣ በምሳሌያችን ከመሰብሰቧ በፊት አንድ ዙር 20 ምስል ይፈጃል፤ ከተሰበሰበች በኋላ ከ7 ያንሳል። ሳይለወጥ የሚቆየው ካይኔቲክ ኢነርጂው ቢሆን ኖሮ ፍጥነቷ በሰከንድ ከ2.6 ዙር አያልፍም ነበር፤ አንዱ ዙርም ከ11 ምስል በላይ በወሰደ ነበር።

ልትቆም ስትል እጆቿን መልሳ ትዘረጋለች፤ ፍጥነቷም ወደ አንድ ዙር ተኩል ይወርዳል። ያ 267 ጁል ግን ለሌላ ጊዜ አይቀመጥላትም። አሁን ጡንቻዎቿ ወደ ውጭ የሚሮጡትን ክንዶች ፍሬን እንደሚይዝ ሰው እየገቱ ይለቋቸዋል፤ ጉልበቱም አብዛኛው በሰውነቷ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እንደገና ብትሰበሰብ እንደገና ከጡንቻዋ መክፈል አለባት።