«ታላቅ ልጃቸው ይጠራል»፦ የታማሚን የመጨረሻ ፈቃድ ወደ እንክብካቤ ዕቅድ ሲያጠቃልሉ በአማርኛ ግሥ ላይ የሚደርሰው

«ሕመሙ ካልታገሠ ታላቅ ልጃቸው ይጠራል።» ይህ ዓረፍተ ነገር መዳን በማይቻል ደረጃ ላይ ለደረሱና በቤታቸው ለሚታመሙ አንዲት እናት በተዘጋጀ የእንክብካቤ ዕቅድ ላይ ተጽፎ ቢገኝ፣ ስሕተት ያለበት አይመስልም። ሌሊት ላይ የሚያነቡት ሁለት ሰዎች ግን ሁለት ነገር ይረዱበታል። ተረኛዋ ነርስ አድራጊ ግሥ አድርጋ ታነበውና ልጁ እስኪደውልላት ትጠብቃለች። ልጁ ተደራጊ አድርጎ ያነበውና ነርሷ እስክትጠራው ይጠብቃል። በንግግር ቢሆን ይህ ችግር አይኖርም፤ በተደራጊው ቅርጽ «ጠ»ም «ረ»ም ይጠብቃሉ፣ በአድራጊው ይላላሉ። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው አንድ ቃል ነው። በዚያ አንድ ቃል ምክንያት ሁለቱም ዝም ሲሉ ታማሚዋ በሕመም ያድራሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ሁኔታ ነው፤ ታማሚ ስለ ሕይወቱ ፍጻሜ የተናገረው ቃል በአንድ ገጽ ሲጠቃለል በቋንቋው ላይ ምን እንደሚደርስ። የእንክብካቤ ዕቅድ ከሌሎች የሕክምና ጽሑፎች የሚለየው በአንባቢዎቹ ነው። የጻፈችው ነርስ ራሷ እምብዛም አትጠቀምበትም፤ ታማሚዋን ታውቃለችና። የሚያስፈልገው ታማሚዋን አይቶ ለማያውቅ ተተኪ ባለሙያና የሕክምና ቋንቋ ለማያውቅ አስታማሚ ነው። ሁለቱም የሚያነቡት በጭንቀት ሰዓት ነው፤ ጸሐፊዋን መልሶ የመጠየቅ ዕድልም የላቸውም።

የሚከተለው ምሳሌ ለማሳያ የተሰናዳ ነው። ታማሚዋ የሰባ ዓመት እናት ናቸው፤ የማኅፀን በር ካንሰራቸው ወደ አጥንት ተሠራጭቷል። የሚኖሩት አዲስ አበባ ከታላቅ ወንድ ልጃቸው ጋር ነው። ታናሽ ሴት ልጃቸው ቤይሩት ትሠራለች። የሚከታተሏቸው ነርስ ማክሰኞና ዓርብ ቤታቸው ትመጣለች፤ በሌሎቹ ቀናት ቤተሰቡ ሲደውል የምታነሣው ተረኛ ነርስ ናት። የሚወስዱት ፈሳሽ ሞርፊን በአፍ የሚጠጣ ነው። ነርሷ ስለ ፈቃዳቸው ስትጠይቃቸው የመለሱላት ይህን ነው፦ «ከእንግዲህ ሆስፒታል አትውሰዱኝ። እዚሁ ሕመሙን አስታግሱልኝ፣ ቁስሌም እንዳይሸት እጠቡልኝ። የንስሐ አባቴን ሳላርፍ ጥሩልኝ። ልጄን በስልክ እንዳታረዷት።»

ከዚህ የወጣው የመጀመሪያው ማጠቃለያ እንዲህ ይላል፦ «ታማሚዋ ተጨማሪ ሕክምና አይፈልጉም። ሞርፊን በ4 ሰዓት ይሰጣል። የንስሐ አባት ሲያርፉ ይጠራሉ። ለሴት ልጃቸው እንዳይነገር። ቤተሰብ ይወስናል።» አጭርና ሥርዓት ያለው ነው፤ በየዓረፍተ ነገሩ ግን አንድ አንድ ነገር ጎድሏል።

በመጀመሪያው የተለወጠው ስሙ ነው። እናቲቱ እንቢ ያሉት ወደ ሆስፒታል መሄድን ነው፤ ጽሑፉ ግን እንቢታውን ወደ «ሕክምና» አዛውሮታል። በቤተሰቡ ቋንቋ «ሕክምና» ሞርፊኑንም፣ ቁስል ማጠቡንም፣ ልብ ሲቆም ደረት መጫኑንም ይጨምራል። አስታማሚው ልጅ «ሕክምና አይፈልጉም» የሚለውን ሲያነብ እናቱ እንደተተዉ ይሰማዋል፤ ተረኛዋም ሞርፊኑን ለመጨመር ታመነታለች። መፍትሔው ጥቅል ስሙን ትቶ ነገሮቹን በየስማቸው መጥራት ነው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በክንድ የሚሰካ ግሉኮስ፣ በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ፣ ደረት መጫን በአንድ በኩል፤ ሞርፊን፣ የቁስል እጥበትና ሽታውን ለመቀነስ ቁስሉ ላይ የሚነሰነሰው የተፈጨ ሜትሮኒዳዞል በሌላ በኩል። ይህን ለመጻፍ ነርሷ ተመልሳ እያንዳንዱን መጠየቅ ነበረባት። ስትጠይቅም ያልታሰበ ቅድመ ሁኔታ ተገኘ፦ «አጥንቴ ተሰብሮ እዚህ ማስታገሥ ካቃታችሁ ብቻ ውሰዱኝ።» ይህ «ብቻ» ባይጻፍ ኖሮ፣ ጭናቸው ቢሰበር ተረኛዋ የመጀመሪያውን ቃላቸውን አክብራ እቤት ታስቀምጣቸው ነበር።

የፈቃዱ ባለቤትም ሊጠፋ ይችላል። «ወደ ሆስፒታል እንዳይወሰዱ ይፈለጋል» የሚለው አጻጻፍ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የተለመደ ነው፤ የሚፈልገው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። እናት ናቸው ወይስ ወጪው የከበደው ቤተሰብ? ዘግይቶ የመጣ ዘመድ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። አማርኛ ለዚህ ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ መሣሪያ አለው። «አልሄድም ብለዋል» በሚለው አነጋገር የተናጋሪዋ አንደኛ መደብ እንዳለ ይቀመጣል፤ ጸሐፊዋ ቃሉን ወደ ራሷ አተያይ መመለስ አያስፈልጋትም። ስለዚህ ፈቃዱ በእናቲቱ ቃል፣ ከተናገሩበት ቀንና ከሰማው ሰው ጋር ይጻፋል፤ የባለሙያው ትእዛዝ ደግሞ ከሥሩ ለብቻው ይቀመጣል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የቱ ፈቃድ የቱ ትእዛዝ እንደሆነ መለየት ያዳግታል፤ በእኔ ግምት ከቃላት ምርጫ ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው።

አሁን ወደ «ሲያርፉ» እንምጣ። እናቲቱ ያሉት «ሳላርፍ ጥሩልኝ» ነው። በአንደኛ መደብ «ሳርፍ» እና «ሳላርፍ» በአንድ ሙሉ ፊደል ይለያያሉ፤ «ላ» አሉታውን ታሳያለች። ወደ ሦስተኛ መደብ አክብሮት ሲዛወሩ ግን «ሲያርፉ» እና «ሳያርፉ» ይሆናሉ፤ ልዩነቱ በ«ሲ» እና በ«ሳ» ላይ ብቻ ይቀራል። በእጅ ጽሑፍ ደግሞ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። ጸሐፊዋም ተሳስታ «ሲ» ብላለች። ፍቺው ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው። ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉት ንቁ ሆነው መዋጥ ሲችሉ ነው፤ ካረፉ በኋላ የሚጠሩት ካህን የሚመጡት ለፍትሐት ነው። «የንስሐ አባት ሲያርፉ» ሲባል ደግሞ የሚያርፉት ማን እንደሆኑ እንኳ አይለይም፤ የአክብሮቱ ቅርጽ ጾታን ስለሚሸፍን እናቲቱም ካህኑም በአንድ ግሥ ይጠራሉ። በትእዛዙ «ጥሩልኝ» ውስጥ የነበሩት «እናንተ» እና «ለእኔ»ም በ«ይጠራሉ» ውስጥ የሉም። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው የሞትን ቃል ከጊዜ መለኪያነት ማውጣት ነው። «ሲደክሙ»ና «ነገሩ ሲከፋ» የሚሉትም እንዲሁ ለሐዘን እንጂ ለሰዓት አያገለግሉም። በምትካቸው የሚታይ ምልክት ይጻፋል፤ ለምሳሌ ውኃ ሲጠጡ ትን ማለት ሲጀምራቸው።

ስለ ሰዓቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አደጋው ግን ትልቅ ነው። «በ4 ሰዓት» እና «በየ4 ሰዓቱ» አንዱ የቀን ነጥብ፣ ሌላው ርቀት ነው። የሆስፒታሉ ካርድ 14:00 የሚለውን ቤተሰቡ 8 ሰዓት ይለዋል። ስለዚህ ርቀቱን ትቶ ነጥቦቹን በቤተሰቡ አቆጣጠር መዘርዘር ይበጃል። በመኝታ ሰዓት የሚሰጠው እጥፍ መጠን ሌሊት እንዳይቀሰቀሱ የታሰበ ስለሆነ፣ ምክንያቱ ካልተጻፈ ጠንቃቃ አስታማሚ ስሕተት መስሎት ይቀንሰዋል።

የቀረው የሴት ልጃቸው ጉዳይ ነው። «እንዳይነገር» የሚለው ቃል «በስልክ»ን ጥሎታል፤ ፈቃዱም ወደ መደበቅ ተለውጧል። እናቲቱ የከለከሉት መርዶውን ሳይሆን አረዳዱን ነው፤ ልጃቸው በሰው ቤት፣ ብቻዋን፣ በሥራ መሐል እንዳትሰማ። መርዶ በንጋት፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ እንደሚነገር ሁሉ፣ ቤይሩት ያለችው የአክስቷ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ እንድታረዳት ይሻሉ። ሌሊት ስልኩ ሲጮኽ የምታነሣው ግን ምናልባት በዕለቱ የመጣችው ተረኛ ነርስ ናት። ዕቅዱ ለእሷ የምትናገረውን ቃል ካልሰጣት፣ ወይ ትዋሻለች ወይ ታረዳለች።

«ቤተሰብ ይወስናል» የሚለው የተጻፈው ማንንም ላለማስቀየም እንደሆነ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ጥቅል ስም ስልክ አያነሣም። እናቲቱ ራሳቸው ተጠይቀው አንድ ሰው፣ እሱ ባይገኝ ደግሞ ሌላ ሰው መሰየም አለባቸው።

የተስተካከለውን ጽሑፍ ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ውይይቱ ላይ ያልነበረ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ማድረግና «አሁን ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ማጥበቅ ወይም ማላላት ግድ ይሆንበታል፤ የተሰወረው አሻሚነት እዚያው ይሰማል። ከዚያ ለታማሚዋ ይነበብላቸዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ታማሚዋ ሕመማቸውን ሲያውቁ ነው። ቤተሰብ «እንዳትነግሯቸው» ብሎ ከሆነ፣ የሚጠቃለለው የቤተሰብ ግምት እንጂ ፈቃድ አይደለም፤ ዕቅዱም ይህንኑ በግልጽ መናገር ይኖርበታል። ርእሱም ቢሆን «ኑዛዜ» ባይባል ይመረጣል፤ ቃሉ ንብረትንና ምስክርን ስለሚያስታውስ ንግግሩን ይዘጋል። የታማሚዋ ዕቅድ በመጨረሻ የያዘው ቅርጽ የሚከተለው ነው።

«እናታችን በዚህ ገጽ ራስጌ በተጻፈው ቀን፣ ታላቅ ልጃቸው ባለበት፣ ‹ሆስፒታል አትውሰዱኝ፤ አጥንቴ ተሰብሮ እዚህ ማስታገሥ ካቃታችሁ ብቻ ውሰዱኝ› ብለዋል። ግሉኮስ፣ የአፍንጫ ቱቦና ደረት መጫን አይፈልጉም። ሞርፊንና የቁስል እጥበት ይፈልጋሉ።

»ታላቅ ልጃቸው ሞርፊን 5 ሚሊግራም በጠዋት 12፣ በረፋድ 4፣ ከቀትር በኋላ 8 እና በምሽት 12 ሰዓት ይሰጣቸዋል። በመኝታ፣ ማታ 4 ሰዓት 10 ሚሊግራም ይሰጣቸዋል፤ እጥፍ የሆነው ሌሊቱን እንዲተኙ ነው። በመሐል ሕመም ከተነሣ 5 ሚሊግራም ይጨምርላቸዋል። ከዚያ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልታገሠላቸው፣ ልጁ ወደ ተረኛዋ ነርስ ይደውላል፤ ተረኛዋ ወደ ሐኪሙ ትደውላለች። መድኃኒቱን መዋጥ ካቃታቸውም ልጁ ሳይጠብቅ ይደውላል።

»ልጃቸው የንስሐ አባታቸውን በዚህ ሳምንት፣ እናታችን መዋጥ ሲችሉ፣ ይጠራቸዋል። ሴት ልጃቸው ከቤይሩት ስትደውል ስልኩን ያነሣው ሰው ‹እኔ ተረኛ ነኝ፤ ወንድምሽ ራሱ ይደውልልሻል› ይላታል፤ ወዲያውም ወንድሟን ይቀሰቅሰዋል።»