ነጭ፣ ጥቁር ወይስ ባለቅመም? ሩምን እንደ ሥራው መምረጥ

ሩም ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ጠንካራ መጠጥ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከሞላሰስ ሲሆን፣ ይህም ከአገዳው ጭማቂ ስኳሩ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁርና ወፍራም ፈሳሽ ነው። የወንጂና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎችም ስኳር ሲያመርቱ ይኸው ሞላሰስ ይተርፋቸዋል። እንደ ማርቲኒክ ባሉ ደሴቶች ደግሞ ሞላሰስ ሳይጠበቅ በቀጥታ ከአገዳው ጭማቂ ሩም ይወጣል።

አሠራሩ በመሠረቱ አረቄ ከሚወጣበት መንገድ አይለይም። ሞላሰሱ በውሃ ይበረዛል፣ እርሾ ይጨመርበታል፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል እስኪለውጠው ይብላላል። ከዚያ በእሳት ይሞቅና የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቅዞ ይጠራቀማል። በሩሞች መካከል የሚታየው ልዩነት ዋነኛ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ለአንድና ለሁለት ቀን ብቻ ከተብላላ ጥንስስ ለስላሳ ሩም ይወጣል። በጃማይካ እንደሚደረገው ሳምንትና ከዚያም በላይ የቆየ ጥንስስ ግን የበሰለ አናናስና ሙዝ የሚመስል ኃይለኛ መዓዛ ይፈጥራል። የማንጠሪያው ዓይነትም የራሱ ድርሻ አለው። በየዙሩ እየተሞላ የሚፈላው የመዳብ ጋን ብዙውን መዓዛ ከአልኮሉ ጋር ያሳልፈዋል። ያለማቋረጥ የሚሠራው ረጅም ዓምድ ግን መዓዛውን እየለየ ስለሚያስቀር ቀለል ያለ መጠጥ ይሰጣል።

ከየትኛውም ማንጠሪያ ቢወጣ አዲስ ሩም እንደ ውሃ የጠራ ነው። ቀለም የሚያገኘው ኋላ ላይ ከሁለት ምንጮች ነው፤ አንደኛው ሩሙ የሚቆይበት የኦክ እንጨት በርሜል፣ ሌላው ደግሞ ከተቃጠለ ስኳር የሚሠራው ካራሜል ነው። በዚህ ምክንያት ቀለም ብቻውን የሩምን ዕድሜም ሆነ ጥራት አይናገርም። ነጭ፣ ጥቁርና ባለቅመም የሚለው ክፍፍል ለመነሻ ይጠቅማል፤ የመጨረሻውን ምርጫ የሚወስነው ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መጠጥ የተሠራበት መንገድ ነው።

ነጭ ሩም

ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ለስላሳ ነጭ ሩም ከኩባ ጋር የተያያዘ ነው። ከስፔን ካታሎንያ የመጣው ነጋዴ ፋኩንዶ ባካርዲ ማሶ በ1862 በሳንቲያጎ ደ ኩባ ማንጠሪያ ቤት ገዝቶ፣ በዘመኑ ሻካራ የነበረውን ሩም በከሰል እያጣራና በኦክ በርሜል እያቆየ ለስላሳ አደረገው። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ሩሙ ለአንድ ዓመትና ከዚያም በላይ በርሜል ውስጥ ይቆያል፤ ከእንጨቱ የወሰደውን ቀለም ደግሞ ከሰሉ ያነሳዋል። ነጭ ስለሆነ በርሜል አላየም ማለት አይደለም።

ነጭ ሁሉ ለስላሳም አይደለም። የማርቲኒክ የአገዳ ጭማቂ ሩም የእርጥብ ሣር ሽታ አለው። በጃማይካ የተለመደው ያልቆየ ነጭ ሩም ደግሞ የአልኮል መጠኑ 63 ከመቶ የሚደርስ፣ መዓዛውም ከብዙ ጥቁር ሩሞች የሚበልጥ ነው። ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ ብቻ በኩባው ዓይነት ሩም ምትክ ቢገቡ የመጠጡን ጠባይ ፈጽሞ ይለውጡታል።

ጥቁር ሩም

ጥቁር ሩም በሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። የመጀመሪያው በእርግጥ በርሜል ውስጥ ለዓመታት የቆየው ነው። የበርሜሉ ውስጥ በእሳት የተለበለበ ስለሆነ፣ ሩሙ ከእንጨቱ የቫኒላ፣ የተጠበሰ ለውዝና የደረቀ ፍራፍሬ ጣዕም ይወስዳል። በካሪቢያን ሙቀት ይህ ሂደት ይፈጥናል፤ ከበርሜሉ የሚተንነውም መጠን በቀዝቃዛ አገር ከሚተንነው ይበልጣል። በዚህ የተነሳ በሞቃት ደሴት 10 ዓመት የቆየ ሩም በስኮትላንድ ያን ያህል ከቆየ ውስኪ የበለጠ የእንጨት ጣዕም ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት ወጣት ሩም ሆኖ በካራሜል የጠቆረው ነው። ይህም መናቅ የለበትም። ሞላሰስን የሚያስታውስ ወፍራምና መረር ያለ ጣዕም ስላለው ለምግብና ለአንዳንድ ቅልቅሎች በጣም ተፈላጊ ነው። ስህተት የሚሆነው ጥቁረቱን ብቻ አይቶ እንደ አሮጌ ሩም ከፍተኛ ዋጋ መክፈል ነው። በነጭና በጥቁር መካከል ያለው ወርቃማ ሩምም ቀለሙን ከበርሜል ወይም ከካራሜል ሊያገኝ ይችላል።

ባለቅመም ሩም

የባለቅመም ሩም መነሻ ብዙውን ጊዜ ወጣትና ቀላል ሩም ነው። በላዩ ላይ ቫኒላ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል ወይም ገውዝ ይጨመርበታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ስኳርና ካራሜል ይታከልበታል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሩም ተብሎ ለመሸጥ መጠጡ ቢያንስ 37.5 ከመቶ አልኮል ሊኖረው፣ ማጣፈጫም ሊጨመርበት አይገባም። ስለዚህ በአውሮፓ ገበያ አንዳንድ የታወቁ ባለቅመም መጠጦች 35 ከመቶ አልኮል ይዘው፣ በጠርሙሳቸው ላይ ሩም በሚለው ፋንታ የአልኮል መጠጥ የሚል መጠሪያ ተጽፎባቸው ይሸጣሉ።

ሲነጠር ስኳር በእንፋሎት አያልፍም። በመሆኑም ሩም ውስጥ ከፍ ያለ ጣፋጭነት ካለ በኋላ የተጨመረ ነው። ለማወቅ ጥቂት ጠብታ በመዳፍ ላይ አድርጎ ማሸትና እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። እጅ ከተጣበቀ ብዙ ስኳር አለበት።

ለምግብ

ምግብ ውስጥ የሚገባ ሩም ከቅቤ፣ ከስኳርና ከዱቄት ጣዕም በላይ መሰማት አለበት። ለዚህም ጥቁሩ ይመረጣል። በ1951 በኒው ኦርሊንስ ብሬናንስ ምግብ ቤት የተፈጠረው ባናናስ ፎስተር ጥሩ ምሳሌ ነው። በቀላል መንገድ ለአራት ሰው ለማዘጋጀት 60 ግራም ለጋ ቅቤ፣ 100 ግራም ቡናማ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ በሰፊ መጥበሻ በመለስተኛ እሳት ይቀልጣሉ። ስኳሩ ሟሙቶ መረቁ ሲያብረቀርቅ በቁመታቸው የተሰነጠቁ አራት ሙዞች ይገቡና በየጎናቸው አንድ አንድ ደቂቃ ያህል ይገላበጣሉ። ሙዙ በስሎም ሳይፈርስ እንዲቆይ ጠንከር ያለውን መምረጥ ይሻላል። ከዚያ መጥበሻው ከእሳት ተነስቶ 60 ሚሊ ሊትር ጥቁር ሩም ይጨመርና ወደ እሳቱ ተመልሶ መረቁ ወፈር እስኪል ይንተከተካል። በቀዝቃዛ አይስክሬም ላይ ይቀርባል።

በምግብ ቤት ሩሙ በእሳት ይለኮሳል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሩሙን አስቀድሞ በኩባያ መለካት አለበት፤ ከጠርሙሱ በቀጥታ ከተፈሰሰ ነበልባሉ ወደ ጠርሙሱ ሊገባ ይችላል። የመጥበሻው ክዳንም በቅርብ መገኘት አለበት።

በዚሁ አሠራር ነጭ ሩም ቢገባ ማቃጠሉ እንጂ ጣዕሙ አይሰማም። ባለቅመሙ ቢገባ ደግሞ ቀረፋው ይደራረባል፣ ጣፋጩም ያይላል። እሱን ለመጠቀም የሚፈልግ ቀረፋውን ትቶ ስኳሩን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ባለቅመም ሩም የተሻለ ቦታው የፖም ወይም የዱባ ኬክ ነው፤ በእነዚህ ውስጥ የምግቡ ቅመምና የሩሙ ቅመም ይስማማሉ።

አልኮሉ ሲበስል ሙሉ በሙሉ ይጠፋል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት ተለኩሶ በነደደ ምግብ ውስጥ ከአልኮሉ 75 ከመቶ ያህሉ ይቀራል። 30 ደቂቃ በተንተከተከው ውስጥ 35 ከመቶ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል በበሰለው ውስጥም 5 ከመቶ ያህል ይኖራል። በሃይማኖት፣ በእርግዝና ወይም በሕመም ምክንያት አልኮል ለማይወስድና ለልጆች ሩም የገባበት ምግብ ሲቀርብ ይህ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ለመቀላቀል

ቅልቅል ውስጥ ጥያቄው አብሮ የሚገባው ነገር ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚል ነው። በሳንቲያጎ ደ ኩባ አቅራቢያ ካለች መንደር ስሙን ያገኘው ዳይኪሪ የነጭ ሩምን ሥራ በግልጽ ያሳያል። 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ሩም፣ 20 ሚሊ ሊትር አዲስ የተጨመቀ ሎሚና ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በቅድሚያ ስኳሩ እስኪሟሟ ይማሰላሉ። ከዚያ በበረዶ ተሞልቶ ለ15 ሴኮንድ ያህል በኃይል ይናጥና ተጠልሎ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ይቀዳል። በአገራችን ገበያ የሚገኘው ትንሹና ቀጭን ልጣጭ ያለው ሎሚ ለዚህ ተስማሚ ነው። ከመጠን በላይ ከኮመጠጠ ስኳር፣ ከከበደ ጥቂት ሎሚ ይጨመራል፤ ውሃ ውሃ ካለ ደግሞ በረዶው ትንሽ ወይም ቀድሞ የቀለጠ ነበር ማለት ነው። በዚህ መጠን ጥቁር ሩም ቢገባ የሎሚው ትኩስነት በሞላሰስ ጣዕም ይሸፈናል። በናናና በሶዳ የሚሠራው ሞሂቶም ነጩን የሚፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥቁር ሩም የሚያምርበት አብሮት የሚገባው ነገር ራሱን ችሎ ሲያቃጥል ወይም ሲመር ነው። በቤርሙዳ 60 ሚሊ ሊትር ጥቁር ሩም በ100 ሚሊ ሊትር የሚያቃጥል የዝንጅብል መጠጥ ላይ ይፈስሳል። ባለቅመም ሩም በኮካ ኮላ፣ በፖም ጭማቂ ወይም በትኩስ ቡና ይጣጣማል፤ ሌላ ስኳር ግን ሊጨመርበት አይገባም።

ብቻውን ለመጠጣት

ቀስ ተብሎ ብቻውን ለሚጠጣ ሩም በርሜል ውስጥ በእርግጥ የቆየው ይመረጣል። በጃማይካና በባርቤዶስ በጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ በቅይጡ ውስጥ ያለውን ከሁሉ ወጣት ሩም ዕድሜ ያመለክታል። ዓመት የሚል ቃል ሳይከተለው ለብቻው የተጻፈ ቁጥር ግን ዕድሜ ላይሆን ስለሚችል ሊታመን አይገባም። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ሩም አያረጅም፤ አሥር ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወጣት ሩም ያው ወጣት ነው።

ሲቀርብ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ፣ ያለ በረዶ፣ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። አፍንጫን የሚያቃጥል ከሆነ ጥቂት የውሃ ጠብታ አልኮሉን ያለዝበዋል፣ መዓዛውንም ይከፍተዋል። ባለቅመሙ ብቻውን ሲጠጣ ጣፋጩና ቫኒላው ቶሎ ስለሚያጠግቡ ከምግብ በኋላ በትንሹ ይወሰዳል።

አንድ ጠርሙስ ብቻ የሚገዛ ሰው ለሎሚ መጠጦች ነጩን፣ ለኬክና ለመረቅ በካራሜል የጠቆረውን ርካሽ ጥቁር፣ ብቻውን ለመጠጣት ዕድሜው በግልጽ የተጻፈበትን ይግዛ። ሁሉንም በአንድ ጠርሙስ ለመሥራት የሚፈልግ ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የቆየና ስኳር ያልተጨመረበት ወርቃማ ሩም ቢመርጥ አይቆጭም።