ጫማ ከማውለቅ በፊት

የሐረር አስጎብኚ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ጀጎል በር ላይ ቆሞ ነው። ጎበዙ ቁጥር አያበዛም። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት፣ ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት እንደሆኑ፣ ውስጡም 82 መስጊዶች እንዳሉ ይናገርና ጣቱን ወደ ግንቡ ግርጌ ይቀስራል። እዚያ ያሉት ቀዳዳዎች የጅብ መግቢያ ናቸው፤ ሌሊት ገብቶ ጥራጊውን ይለቃቅማል። እንግዶች መሳቅ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ማኪና ግርግር። ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ስለሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይበቃል።

ንግግሩ የሚረዝመው ግን በሐረሪ ቤት ደጃፍ ነው። ጫማ ይወልቃል፤ ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ይጠየቃል። ውስጡ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው። ሐረሪዎች «ነደባ» ይሏቸዋል። ሰው በዕድሜውና በክብሩ ስለሚቀመጥባቸው፣ ደክሞት ከፍተኛው መደብ ላይ ዘፍ የሚል ጎብኚ ሳያውቅ የአባወራውን ቦታ ይይዛል። አስጎብኚው ይህን አስቀድሞ ቢናገር ከኀፍረት ያድነዋል። መደቡ የተቀባው ቀይ አፈር በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም እንደሚያስታውስ ይነገራል።

ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ ካለ ደግሞ፣ አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች» ይላል። ወጣቶቹ እንደገና ቀና ብለው ያያሉ።